ከሂርማታ ገበያ እስከ ዋሽንግተን፦ ቀበርቾና ጤና አዳም በሻንጣ

እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ነው ምትኖረው። በቅርቡ ወለደችና አራስ ልጠይቃት ቪዛ እንደመቱልኝ እማዬ ገና ፓስፖርቴን ሳታገላብጥ ዝርዝር ጀመረች፣ ቀበርቾ፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የተቆላ ቡና። ጅማ ላደገ ሰው ይሄ ሁሉ የቤት እቃ ማለት ነው፣ ድንበር ላይ ግን እያንዳንዱ የራሱ ህግ አለው፣ እኔ ደግሞ ይሄን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከሶስት አመት በፊት እዛው አሜሪካ ስገባ ኦፊሰሩ «ምግብ ወይ የእፅዋት ነገር ይዘሻል?» ሲለኝ ሰልፉ ረዝሞ ደክሞኝ ስለነበር የለም አልኩ። ሻንጣው ስካን ሲደረግ አንድ ፌስታል የደረቀ ቅጠል ወጣ። 300 ዶላር ቀጡኝ። ያስቀጣኝ ቅጠሉን መያዜ ሳይሆን የለም ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ወረቀቱን ፈርሜ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ ገበያ ከመውጣቴ በፊት ህጉን ፈለግኩ። መጀመሪያ ሚቸግረው ነገር ስሙ ነው። «ጤና አዳም» ብላችሁ ብትፅፉ የትኛውም የጉምሩክ ገፅ ላይ ምንም አይመጣላችሁም፣ በእንግሊዝኛ ለመተርጎም ብትሞክሩ ደግሞ ለሁለት ሶስት እፅዋት አንድ ስም ይሰጣችኋል። ሚያስፈልገው ሳይንሳዊ ስሙ ነው። ፋርማሲ ሚማር የአጎቴ ልጅ አለ፣ እሱ ቁጭ ብሎ ፃፈልኝ፣ ጤና አዳም Ruta chalepensis፣ ቀበርቾ Echinops kebericho፣ ኮረሪማ Aframomum corrorima፣ ጥቁር አዝሙድ Nigella sativa። ከዛ acir.aphis.usda.gov ሚል የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት ገፅ አለ፣ ስሙንና ሚመጣበትን ሀገር አስገብታችሁ ነው ምትፈልጉት። እሱ በዋናነት ለነጋዴ አስመጪ የተሰራ ስለሆነ ሁሉም ነገር አይገኝበትም፣ ለመንገደኛ ደግሞ aphis.usda.gov ላይ ለብቻው የተፃፈ አለ፣ ሁለቱንም ማየት ነው። ስታዩ ደግሞ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፣ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ (ቅጠል፣ ስር፣ ፍሬ) እና በምን ሁኔታ እንዳለ (እርጥብ፣ ደረቅ፣ የተፈጨ፣ የተቆላ) መልሱን ይቀይረዋል።

ደረቅ ቅመም ባብዛኛው ይገባል፣ የተቆላ ቡና ይገባል፣ የእፅዋት ዘይትም ይገባል። ያስደነገጠኝ ጤና አዳም ነው። እኔ እንደ በሶብላና ኮሰረት አንድ ተራ ቅጠል ነበር ሚመስለኝ። ለካ ጤና አዳም ከብርቱካንና ከሎሚ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ የብርቱካን እርሻቸውን ሚያጠፋ በሽታ በቅጠልና በግንድ እንዳይገባባቸው ብለው የዛን ቤተሰብ አብዛኛውን ክፍል በህግ ከልክለዋል፣ ህጉ ፍሬና ዘርን ለብቻ አውጥቶ ቅጠሉንና ግንዱን ነው ሚከለክለው። የሎሚ ቅጠልም የሎሚ ሳርም ለመንገደኛ ከተከለከሉት ውስጥ ናቸው። ደርቋል ማለት አያድንም።

ለእማዬ ይሄን ማስረዳት ራሱ አንድ ስራ ነበር። «ጤና አዳም የሌለበት ቡና ምኑን ቡና ሆነ? ደግሞ ደርቋል እኮ፣ ምን በሽታ ይዞ ይሄዳል?» አለችኝ። ብርቱካኑን ነገርኳት፣ ዝም አለች፣ የተስማማች መሰለኝ።

ሀሙስ ሂርማታ ወጣሁ። ቀበርቾ ከምትሸጥ አንዲት እናት ጋ ግማሽ ኪሎ ገዛሁና ቤት አምጥቼ ነጭ ሰሃን ላይ ዘረገፍኩት። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስር ነገር ባብዛኛው ሚያዘው በአይነቱ ሳይሆን በአፈሩና በነፍሳቱ ነው። አፈር ያለ ልዩ ፈቃድ አይገባም፣ ትንሽም ብትሆን፣ ቀበርቾ ደግሞ ተቆፍሮ ሚወጣ ስለሆነ ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ቀዩ የጅማ አፈር ተጣብቆ ይቀራል። በውሃ አላጠብኩትም፣ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ሻንጣ ውስጥ ይሻግታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ደረቁን ፈገፈግኩት፣ ከዛ አውራ ጣት በምታክል ቁመት ቆራረጥኩት፣ ሲቆረጥ ውስጡ ሚታይ ስለሆነ ለፈታሹም ይቀላል። ደረቅ መሆኑን ምታውቁት ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው፣ ከተለመጠ ገና እርጥበት አለው። ነቀዙን ለማወቅ ደግሞ እያንዳንዱን ሰሃኑ ላይ መታ መታ ማድረግ ነው። ከሁለቱ ስር ልክ እንደ ዱቄት ደቃቅ ነገር ረገፈ፣ አገላብጬ ሳይ መርፌ የወጋው ሚመስል ቀዳዳ አለው። ውስጡ ትል አለ ማለት ነው፣ ወደ ምድጃ። አንድ እንደዛ አይነት ካገኙ ሙሉውን ፌስታል ሊወስዱባችሁ ይችላሉ።

ስለ ቀበርቾ አንድ ነገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ሚበቅል ተክል ነው። የሀገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብት ያለፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ለቀጥታ ፍጆታ ሚሆነውን ምርት ግን አይመለከትም። ሚጨስ ደረቅ ስር አንድ ነገር ነው፣ ሚተከል ስር ወይ ዘር ግን ሌላ፣ እባካችሁ «እዛ ልትከለው» ብላችሁ እንዳትይዙ፣ እዚህም እዛም ፈቃድ ሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

ዘይቱን እማዬ ጎረቤት አስጨምቃ በሃይላንድ ሞልታ አዘጋጅታው ነበር። ምንም ፅሁፍ የሌለው ቢጫ ፈሳሽ ይዞ ማስረዳት ከባድ ስለሆነ ያንን ቤት ትቼ ፋብሪካ ያሸገው፣ ምንነቱ የተፃፈበት 250 ሚሊ ገዛሁ። በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ በላይ በሆነ እቃ ፈሳሽ ስለማይፈቀድ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን አሽጋችሁ ሁለት ፌስታል። ዱቄትም እንደዛው፣ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ሚበር አውሮፕላን ላይ ከ350 ሚሊ በላይ ፓውደር በእጅ ቦርሳ መያዝ ያስቸግራል፣ በርበሬም የተፈጨ ቅመምም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ልወጣ ማታ አንድ ዘመዳችን መጣና «ይሄን ለጓደኛዬ ልጅ፣ ሻይ ቅጠል ነው በያቸው» ብሎ የታሸገ ፌስታል ሰጠኝ። ከፈትኩት፣ ደረቅ ጫት። ጅማ ላይ ጫት ማንም ጓሮ ያለ ነገር ስለሆነ ሰው ክብደቱ አይታየውም፣ ግን ውስጡ ያለው ካቲኖን አሜሪካ ውስጥ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ የተቀመጠ እፅ ነው፣ እንግሊዝም በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ከልክላዋለች። ይሄ ዲክሌር አድርጋችሁ ምትገላገሉት አይነት አይደለም፣ ወንጀል ነው። ጋሼ ይቅርታ፣ አልችልም አልኩት፣ ተቀየመኝ፣ ይቀየም። በእጃችሁ ያልከተታችሁትን እቃ አትያዙ፣ የእናታችሁ ልጅም ቢሰጣችሁ።

ከዛ አንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ፃፍኩ፣ የእያንዳንዱን ሳይንሳዊ ስም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ። ቀበርቾው ጋ «ደረቅ ስር፣ ለማጨስ፣ ሚተከል አይደለም» አልኩ። ወረቀቱ ፈቃድ አይሆንም፣ መጨረሻ ላይ ሚወስነው እዛ የቆመው ፈታሽ ነው፣ ግን ሰውዬው ምን እንደያዘ በአንድ ደቂቃ ያውቃል።

ዋሽንግተን ስደርስ ጠየቀኝ፣ አዎ ይዣለሁ፣ ቅመም፣ ስር፣ ዘይት፣ ቡና አልኩና ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ ግብርና ፍተሻው መራኝ። አንዲት ሴት ነበረች፣ ጓንት አድርጋ ሻንጣውን ከፈተች። ኮረሪማውን በክሩ እንዳለ አንስታ አሸተተችና መለሰችው። ቀበርቾውን አንድ አንድ እያነሳች በማጉያ መነፅር ቁራጩን አየች፣ አንዱን ሰበረችው፣ መልሳ አስቀመጠች። ልቤ ሊረጋ ሲል የቡናውን ፌስታል ፈታችና እጇን ከታች ሰደደች፣ ስታወጣው ሁለት ዘለላ የደረቀ ጤና አዳም ይዛለች።

እማዬ ናት። ለሊት ተነስታ ቡናው ስር አድርጋዋለች፣ ያ ዝምታ ለካ መስማማት አልነበረም። አፌ ደረቀ፣ ያ 300 ዶላር ትዝ አለኝ። እናቴ ሳላውቅ የከተተችው መሆኑን፣ ስሙንም Ruta እንደሆነና ህጉን እንዳነበብኩ ነገርኳት። ሴትዮዋ «ይሄ አይገባም» አለችኝ፣ ሚጣለው ውስጥ ከተተችው፣ ሌላውን መልሳ ዘጋችልኝ። ቅጣት የለም። ከፊት ጠያቂው ጋ የእፅዋት ውጤት ይዣለሁ ብዬ ስለነበር ያልፈቀዱትን ይወስዱታል እንጂ አይቀጡበትም፣ የለም ብዬ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሁለት ዘለላ ለሁለተኛ ጊዜ ስሜን ታስመዘግበው ነበር።

እህቴ ቤት ገብቼ ቡናውን ስከፍተው ሽታው ገብቶበታል፣ ሶስት ቀን አብሮት ታሽጎ ከርሞ። እህቴ አፍንጫዋን ፌስታሉ ውስጥ ከታ ቆየች። ከዛ ተነስታ በረንዳውን ከፈተች፣ አንድ ጣሳ ላይ ጤና አዳም ተተክሏል፣ እዛው ካለ የችግኝ መሸጫ የገዛችው ነው፣ ከሀገር የመጣ ሳይሆን እዛው የበቀለ ስለሆነ ማንም አይከለክላትም። ሁለት ቅጠል ቀንጥሳ ስኒው ላይ አደረገችና ለእማዬ ቪዲዮ ደወልን።