አንዲት ፊደል ያንከራተተችን ነገር

ጋብቻችንን ያስመዘገብን ቀን ሰርተፍኬቱን ይዘን ፎቶ ተነሳን እንጂ አላነበብነውም። ሳምንት ቆይቶ ነው ባለቤቴ ያየችው። የስሟ አንድ ፊደል ፓስፖርቷ ላይ i ነው፣ ሰርተፍኬቱ ላይ e ሆኗል። በአማርኛ ያው ሳድስ ናት፣ በላቲን ደስ ያለው በ i ይጽፋታል፣ ደስ ያለው በ e። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ሴቶች ናቸው።

እኔ «ተዪው ባክሽ፣ ማን ያየዋል» አልኩ። በዚያው ሰርተፍኬት የመኖሪያ መታወቂያዋ ላይ ያገባች ተብሎ እንዲሞላ አስደረግን፤ ሠራተኛዋም ስሙን ከሰርተፍኬቱ ገልብጣ ነው የጻፈችው። ስለዚህ አዲሱ መታወቂያ e አለ። ግብር ቢሮና ባንክ ያለው የድሮው መዝገቧ ደግሞ i እንዳለ ነው።

የዓመቱን ግብር ስናሳውቅ ስሟን ከመታወቂያው ላይ ሞላን። መጀመሪያ ስሙና የግብር ቁጥሩ አይገጥምም የሚል ደብዳቤ መጣ። ቢሮ ሄደን አስረድተን ተመላሹ ሲላክ ደግሞ ባንኩ የሒሳቡ ባለቤት ስም ሌላ ነው ብሎ ገንዘቡን መለሰው። ባንክ ስንሄድ «መታወቂያ አምጡ» ተባልን፣ አመጣን፣ እሱም ከፓስፖርቷ ጋር አይገጥምም። አዙሪት በሉት።

ከዚህ የወጣነው ወደ ምንጩ ተመልሰን ነው። መታወቂያ ቢሮ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ነው የሚገለብጠው፣ ስለዚህ እዚያ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ጋብቻውን የመዘገበው ክፍል ፓስፖርቷን አይቶ ራሱ መዝገቡን አረመ። ወረቀቱ ላይ ብቻ ሰርዞ ደልዞ ቢሰጠን ሌላ ቦታ አይቀበሉትም ነበር። ከታረመው መዝገብ ማኅተም ያለበት ሦስት ቅጂ ወሰድን፣ አንዳንድ ቢሮ ዋናውን ያስቀራልና። ከዚያ መታወቂያ፣ ከዚያ ግብር፣ ባንክ መጨረሻ። ባንኩ የሚያምነው መታወቂያውን ስለሆነ እሱን ማስቀደም ትርፉ ድካም ነው። ተመላሹ በአዲስ ጥያቄ እንደገና ተላከ፣ በጠቅላላው አምስት ወር ፈጀ።

አሁን ሰርተፍኬት የሚቀበል ጓደኛ ካለኝ እዚያው መስኮቱ ፊት ቆሞ ፓስፖርቱን ከጎን አድርጎ ፊደል በፊደል እንዲያነብ ነው የምነግረው። የልደት ቀኑንም ይይ፤ ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር ቀኑ የተዛባበት ሰው አውቃለሁ። የአባት ስምና የቤተሰብ ስም የሚሞላበት ቦታም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት።

አንድ የረሳነው ደግሞ የመሥሪያ ቤቴ ደመወዝ ክፍል ነበር። ማግባቴን ግብር ቢሮ ካወቀ እነሱም የሚያውቁ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን እኔ ቅጹን እስክሞላ ድረስ እንደ ላጤ ይቆርጡብኝ ነበር። ባንክ ሒሳቤ ላይ ደግሞ ወራሽ ተብላ የተመዘገበችው አሁንም እህቴ ናት። ባለቤቴ ይህንን ያወቀችው ትናንት ነው፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።