«ለማሳወቅ ያህል ነው የደወልኩት»

በባሕር ዳር በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል አብራኝ ትሠራ የነበረች ወጣት ነርስ ወደ እንግሊዝ ለመሄድ ሰነዶቿን ማሰባሰብ ከጀመረች ሰንበት ብላለች። እኔ በዚያው መንገድ ቀድሜያት ስለሄድኩ፣ ለጥምቀት ፈቃድ ወስጄ ስመጣ ሰነዶቿን ተመልክቼ አስተያየት እንድሰጣት ጠየቀችኝ። «ሲስተር፣ ወረቀቱን ብቻ አንዴ ይዩልኝ፤ ሥራውንማ የምናውቀው ነው» አለችኝ። ወረቀቱን አየሁላት። ከወረቀቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ግን «የምናውቀው» ያለችው ሥራ ሆነ።

የወረቀቱ ችግር የተለመደው ነበር። ዲግሪዋ የተመረቀችበትን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር 2017 ይላል፤ ከሆስፒታሉ የተጻፈላት የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ሥራ የጀመረችው በኅዳር 2010 መሆኑን ይገልጻል፤ የትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይናገርም። ለእኛ ምንም ግር የሚል ነገር የለውም። ለንደን ተቀምጦ ለሚያነበው ሰው ግን ልጅቷ ከመመረቋ ሰባት ዓመት አስቀድማ በነርስነት ስትሠራ የኖረች ትመስላለች። የአባቷ ስም በፓስፖርቷና በዲግሪዋ ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ መስፈሩም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ሁለቱም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የሚስተካከሉ ናቸው፤ ከገባ በኋላ ግን ወራት ያስጠብቃሉ። በዚህ ላይ የሙያ ፈቃዷን የሚያረጋግጠው ቅጽ ፈቃዱን ከሰጣት መሥሪያ ቤት በቀጥታ ወደ እንግሊዙ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መላክ ስላለበት፣ ታሽጎ በእጇ ቢሰጣት እንኳ እሷ ብትልከው ተቀባይነት አይኖረውም።

ደላላን በተመለከተም አንድ ነገር ነገርኳት። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ ስላለች፣ የእንግሊዝ አሠሪዎችና ወኪሎቻቸው እዚህ ድረስ መጥተው ነርስ እንዲመለምሉ የእንግሊዝ የቅጥር መመሪያ አይፈቅድም። ነርሷ በራሷ ተነሣሥታ በቀጥታ ብታመለክት ግን የሚከለክላት የለም። ስለዚህ «ሥራ አገኝልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ ገና ከመነሻው ልትጠረጥረው ይገባል።

ከሰነዱ ቀጥሎ የቋንቋ ፈተና አለ፤ በአይኤልትስ 7፣ በጽሑፉ ክፍል 6.5 ይበቃል። ከዚያ ሲቢቲ የሚባለው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የስሌትና የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይከተላል። የመጨረሻው ኦስኪ ሲሆን፣ እንግሊዝ ከደረሱ በኋላ አሥር ጣቢያዎችን እየተዘዋወሩ በተግባር የሚፈተኑበት ነው። ይህን እስኪያልፉ ድረስ በዋርዱ ውስጥ ቢሠሩም ነርስ ተብሎ መጠራት የለም፤ ዩኒፎርሙም ደመወዙም የረዳት ነው። ባልደረባዬ መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ የት ይጠፋኛል ብላ ይህን ፈተና ንቃው ነበር፤ እውነትም እጇ ከእኔ የተሻለ ነው። ሆኖም ከአሥሩ ጣቢያዎች በአንዱ ስለ ሕመምተኛዋ ያወቀችውን ለሌላ ባለሙያ በቃል ማስተላለፍ ይጠበቅባታል፤ ማርክ የሚሰጠውም አነጋገሯ ኤስባር የተባለውን ቅደም ተከተል መጠበቁ እየታየ ነው። አሁን ምን ተፈጠረ፣ ሕመምተኛዋ ማን ናት፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ የሚሉ አራት ክፍሎች አሉት። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው ይባላል፤ ለሰላምታ ጊዜ የሌለው መሆኑም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ጣና ዳር ቡና ቤት ተገናኝተን ልምምድ ጀመርን። ፊቴን እንዳታይ ወንበሮቻችንን ጀርባ ለጀርባ አደረግናቸው፤ እሷ ወደ ሐይቁ፣ እኔ ወደ መንገዱ ዞርን። እኔ የሌሊቱ ተረኛ ሐኪም ሆንኩ፤ እሷ ደግሞ ዋርዱን የያዘችው ነርስ ሆነች። ሕመምተኛዋን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። የ62 ዓመት ሴት ናቸው፤ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በደቂቃ 22 ጊዜ ይተነፍሳሉ፤ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የኦክስጅን መጠናቸው 94 ከመቶ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው 104፣ የልብ ምታቸው 112፣ ሙቀታቸው 38.4 ነው። ንቁ ናቸው፤ ይናገራሉ።

ስልኩን «አንሥቼ» ስጠብቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፣ እንደምን አመሹ? በዚህ ሰዓት ስለማስቸግርዎ በጣም ይቅርታ። ያቺ በሦስት ቁጥር አልጋ ያለችው እናት፣ ሰኞ የተሠራችው፣ ትናንት ደህና ነበረች፣ ጠዋትም ሾርባ ወስዳ ነበር፤ አሁን ማምሻውን ትንሽ ደከም ብላለች፣ ትንሽ ትኩሳትም አላት። ለማሳወቅ ያህል ነው የደወልኩት።» እኔም «እሺ ሲስተር፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ዞር ብላ «እንዴ፣ ሳይመጣ?» አለችኝ። «መቼ ና አልሽው?» አልኳት።

ይህ አነጋገር እዚህ ዋርዳችን ውስጥ በሚገባ የሚሠራ መሆኑን መካድ አይገባም። ተረኛው ሐኪም ነርሷን በስም ያውቃታል፤ በማይረባ ነገር ከእንቅልፉ እንደማትቀሰቅሰው ያውቃል፤ «ትንሽ ደከም ብላለች» ስትለው ከድምፅዋ ይረዳና ጫማውን ያጠልቃል። ጥሪው ራሱ ልመና ነው፤ ቃሉ ለአክብሮት ያህል የሚጨመር ነው። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ግን የሌሊቱ ሐኪም ብዙ ዋርዶችን ይዞ የሚዞር፣ ምናልባት ባለፈው ሳምንት የተቀጠረና ፊቴን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። የድምፄን ትርጉም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከእኔ በፊት ሦስት ሰዎች ደውለውለት ከሆነ፣ መጀመሪያ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው በሰጠነው ቁጥርና በጠየቅነው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን የጨዋነትና የድፍረት ጉዳይ አድርገው የሚያቀርቡት ሰዎች የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ የተለወጠው ሰሚው የሚያውቀው ነገር መጠን ነው።

ወደ ቁጥሮቹ ተመለስን። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች እያንዳንዱ ቫይታል ሳይን ኒውስ ቱ በሚባለው ሠንጠረዥ ነጥብ ይሰጠዋል። የእኚህ እናት አተነፋፈስ 2፣ የልብ ምታቸው 2፣ ኦክስጅናቸው 1፣ ደም ግፊታቸው 1፣ ሙቀታቸው 1 ያገኛል፤ ድምሩ 7 ነው። ከ5 ጀምሮ አስቸኳይ ግምገማ ያስፈልጋል፤ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጠራል። ባልደረባዬ ድምሩን ስታየው ዝም አለች፤ ምክንያቱም ቁጥሮቹ ለየብቻቸው ሲታዩ አንዳቸውም አያስደነግጡም፤ 104 የደም ግፊት ያለው ሰው በእግሩ ሲሄድ ዐይተናል። «ትንሽ» የሚለው ቃሏ የሸፈነው ይህን ነበር። (ሠንጠረዡ ለነፍሰ ጡሮችና ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አያገለግልም፤ በፈተናም በሥራም ይህን መርሳት አይገባም።)

ሁለተኛው ሙከራዋ የተሻለ ሆነ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቶ ይሆናል ማለት የሐኪም ሥራ አይደለም እንዴ ሲስተር? በሰው ሙያ መግባት አይሆንብኝም?» አለችኝ። ምርመራውን የሚወስነው ሐኪሙ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚጠየቀው የነርሷ ግምት ነው፤ ግምት ከሌላትም «ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እየባሰባቸው መሆኑን ግን አውቃለሁ» ማለት በቂ ነው። ፈታኙ የሚፈልገው ይህን ክፍል ዘላ እንዳታልፍ ነው።

አራተኛው ክፍል የበለጠ አስቸገራት። «ቢመጡ ጥሩ ነበር» አለች፤ ቀጥላም «ከተመቸዎት» አለች። በመጨረሻ ያስማማን አባባል ይህ ነበር፦ «ዶክተር፣ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። እስኪደርሱ የደም ናሙና ልውሰድ? በየስንት ደቂቃው ልለካቸው?» አንቱታው አልቀረም፤ ሰላምታውም በአንድ ቃል ተወስኖ ቀረ። እኔ ሐኪሙ ሆኜ የሰጠኋትን ትእዛዝ ደግማ አነበበችልኝ፤ ሰዓቱንና የሐኪሙን ስም ቻርት ላይ እንደምትጽፍ ሆና በናፕኪን ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ሳልጠብቀው ነገሩን በራሷ ዋርድ ሞከረችው። የሐሞት ከረጢቱ የወጣለት አንድ ሰው ማታ ላይ ትኩሳት ጀምሮት ስለነበር፣ ለተረኛው ሐኪም ደውላ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ነግራ «አሁን ይምጡልኝ» አለችው። ሐኪሙ ጥቂት ዝም ብሎ «ምነው ሲስተር፣ ዛሬ እንደ ዜና አንባቢ?» ካላት በኋላ መጣ። አጠገቧ የነበረችው አንጋፋ ነርስ ግን አልወደደችላትም፤ «ዶክተርን እንዲህ ያዙታል እንዴ ልጄ?» ብላታለች። እኔም ለአንጋፋዋ አልፈርድባትም። በዚያ ዋርድ ውስጥ ነጥብ የሚደመርበት ሠንጠረዥ ስለሌለና ሐኪሙ ከጎን ክፍል ስለሚገኝ፣ አጭሩ ጥሪ ያለ ምክንያት ያጠረ ይመስላል።

ከመሄዴ በፊት ባደረግነው ልምምድ አስቸጋሪውን ሐኪም ሆንኩላት። ሁሉንም በሥርዓቱ ከነገረችኝ በኋላ «ሥራ በዝቶብኛል፤ ጠዋት አያታለሁ» አልኳት። እንደ ልማዷ «እሺ ዶክተር» ብላ ልትዘጋ ነበር። እዚህ ላይ የግድ የሚያስፈልጋትን አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግመን አጠናን፦ «ይገባኛል ዶክተር፤ ነገር ግን ነጥባቸው 7 ስለሆነ እስከ ጠዋት ማቆየት አልችልም፤ እርስዎ መምጣት ካልቻሉ ለሬጅስትራሩ እደውላለሁ፤ ይህንንም ቻርታቸው ላይ እጽፋለሁ።» በእንግሊዝ ይህን መናገር ሐኪሙን መክሰስ ተደርጎ አይቆጠርም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ሬጅስትራር ለሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ ሐኪም ማሳወቅ ከነርሷ የሚጠበቅ ነው። ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ አለችው፤ በአማርኛው ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ግን ቀጥ ብሎ ወጣላት።