«ጥቂት ሰው ነው የምንጠራው»

የእህቴ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሲቃረብ፣ ለክርስትናዋ ድግስ ገንዘብ ያዥም፣ ገበያ ወጪም፣ ተላላኪም ሆኜ ተመረጥኩ። ምርጫው ሲካሄድ ቦታው ላይ አልነበርኩም። እህቴ ኃላፊነቴን በስልክ ስታስረዳኝ ትንፋሽ እንኳን አልወሰደችም፤ «ጥቂት ሰው ነው የምንጠራው። ትንሽ እንጀራ እዘዝ፤ የተወሰነ ወንበር ከዕድር አምጣ፤ ዶሮውን እንደሚበቃ አድርገህ ግዛ» አለችና ልጅቷ አለቀሰችባት፤ ስልኩ ተዘጋ። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ወረቀቱ ላይ አንድም ቁጥር የለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ዕድር ነው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «የተወሰነ ወንበር» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትኩር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ደረሰኙ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? የተወሰነ ወጣ፣ የተወሰነ ተመለሰ?» እሳቸው ዘንድ ወንበር ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለውን ወሳጁ ይከፍላል። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እህቴን «ስንት ሰው ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ጥቂት ነው አልኩህ እኮ» አለች። እንዲህ ያለ ሰው ቁጥር የሚያወጣው የሚያናድድ ቁጥር ሲሰማ ብቻ ነው። ስለዚህ «ሁለት መቶ ልያዝ?» አልኳት።

«አብደሃል? ሠርግ መሰለህ?»

«እሺ፣ አሥራ አምስት።»

«ልታዋርደኝ ነው? ጎረቤት ብቻውን ከዚያ ይበልጣል!»

አንድ መቶ አልኩ፣ በዛ። ሃያ አምስት አልኩ፣ አነሰ። ስልሳ ስል «እ…» አለች፤ ያ «እ» ዋጋ አለው፣ ወደ እውነቱ ሲጠጉ ነው የሚሰማው። አርባ ላይ ቆምን። ከዚያ ባሏ ዘንድ ደወልኩ። እሱንም በዚያው መንገድ ስገፋው፣ «ከእሷ ወገን ሃያ፣ ከእኔ ወገን ሃያ፣ በጠቅላላው አርባ» አለ። የመጋረጃ ቀለም ለመምረጥ ወራት የፈጀባቸው ባልና ሚስት በአንድ ቀን አርባ ላይ ተገናኙ። መጠርጠር የነበረባት እህቴ ናት፤ ባሏን የምታውቀው እሷ ናትና።

የቀረችው እናቴ ነበረች። «በቅርቡ ድግሳቸው ላይ የጠሩንን ሳንጠራ ብንቀር ነውር ነው» ብላ ስም ማስጻፍ ጀመረች። ሁለት ገጽ ሞላ። የመጀመሪያውን ስም ሳነብ ሠርጋቸው ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ እነዚህ እኮ የዳሩት በ2000 ዓ.ም. ነው።»

«ታዲያ ትናንት አይደል እንዴ?»

ከእናቴ ጋር ዓመት ቆጥሮ መከራከር አያዋጣም፤ እሷ ዘመን የምትለካው በበዓልና በድግስ ነው። ስለዚህ በራሷ መለኪያ መጣሁባት፤ «ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የጠሩንን ብቻ ብናደርግስ?» አሰበችበትና ተስማማች። ወዲያው ደግሞ «የፋሲካ ዕለት የጠሩንስ?» አለች። ይህ ጥያቄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያ በአንድ ቀን ብቻ የጠሩን አምስት ናቸው። ዕለቱ ይቆጠራል ብለን ጻፍን። ከሁለቱ ገጽ አሥራ ሁለት ሰው ተረፈ።

አርባና አሥራ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል፤ ለአንድ እንግዳ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ከተያዘ ለሃምሳ ሁለት ሰው አምስት ዶሮ ይበቃል፣ ስምንት ብልትም ይተርፋል። አምስቱን ገዝቼ ግቢ ውስጥ አሰርኩና እንጀራ ለማዘዝ ጋጋሪዋ ዘንድ በኩራት ሄድኩ።

እትዬ ጋጋሪዋ ግን ከቁጥሬ በፊት የራሳቸው ጥያቄዎች ነበሯቸው። «ጾም ነው ፍስክ? ምሳ ነው እራት? ልጅ ይበዛል?» ሁሉንም መለስኩ፤ ፍስክ ነው፣ የእሑድ ምሳ ነው፣ ልጅ አይበዛም። «አርባ ሰው ከእህቴ ቤት ነው» ስላቸው እጃቸውን ከምጣዱ አነሱ።

«አርባ ሰው ነው ወይስ አርባ ጥሪ?»

«ልዩነት አለው?»

«ደውልና ጠይቅ።»

እዚያው ቆሜ ለእህቴ ባል ደወልኩ። «ሃያ ያልከኝ ሰው ነው?» አልኩት። «ሃያ ቤት ነዋ!» አለ፣ እንደተሰደበ ሰው። «ሰው ብቻውን ይጠራል እንዴ? ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው!» እህቴን ስጠይቃት እሷ የቆጠረችው ራስ ነው፤ ሃያ ያለችው ሃያ ሰው ነው። አንድ ቁጥር ላይ ተስማምተው ሁለት የተለያየ ነገር ሲቆጥሩ ኖረዋል።

እትዬ በጭስ በጠቆረው ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። የእሱ ሃያ ቤት በየቤቱ ሁለት ትልልቅ ሰዎችና በአማካይ ሁለት ልጆች ቢኖሩት አርባ አዋቂና አርባ ልጅ ይሆናል። የእህቴ ሃያና የእናቴ አሥራ ሁለት ሲጨመሩ አዋቂው ሰባ ሁለት ደረሰ። ለአዋቂ ሁለት እንጀራ፣ ለልጅ አንድ፣ በድምሩ አንድ መቶ ሰማንያ አራት። ሃምሳ ሁለት ሰው ብዬ ገብቼ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይዤ ልወጣ ነው።

«ቢጎድልብህ ይሻልሃል ወይስ ቢተርፍህ?» አሉኝ። እንጀራ ቢተርፍ በማግስቱ ፍርፍር ይሆናል፣ ከዚያም ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፤ ቢጎድል ግን ወሬው ለልጅቷ ሠርግ ይደርሳል። ሁለት መቶ ብለን ዘጋን። «ከሐሙስ ማታ በኋላ ግን እንዳትጨምርብኝ» አሉ። ሊጡ ለመቡካት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ለእሑድ የሚጋገረው ሐሙስ መቦካት አለበት፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ «ትንሽ ጨምሩ» የሚገባበት ሊጥ የለም። ሐሙስ ማታ ብሎ መዝጊያ ማስቀመጥ ከቁጥሩ እኩል እንደሚያስፈልግ ከእሳቸው ተማርኩ፤ እህቴ እስከ ቅዳሜ ድረስ እንግዳ ስታስታውስ ነበርና።

ወጥ ሠሪዋ ቀለል አድርገው አስተናገዱኝ። ለአንድ ዶሮ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ያስገባሉ፤ «ብዙ ሽንኩርት ግዛ» ከማለታቸው በፊት ለስድስት ዶሮ አሥራ አምስት ኪሎ ብዬ ቀደምኳቸው። ለልጆቹ አልጫ ይሠራል። ስድስተኛዋን ዶሮ ገዛሁ፣ ሰባ ሁለት እንቁላል ቆጠርኩ፤ የዕድሩ ኃላፊ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ወንበር በደረሰኝ ሰጡኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

ቅዳሜ ማታ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው ብዬ ቡናዬን ስጠጣ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። «ፈረሰኛውን ለክብር እንግዶች አስቀምጡልኝ፤ ጥቂት ናቸው» አለች። አንድ ዶሮ ያለው ፈረሰኛ አንድ ብቻ ነው፤ ስድስት ዶሮ፣ ስድስት ፈረሰኛ። ይህን ነግሬ ስማቸውን እንድትጠራልኝ ለመንኳት። የንስሐ አባታችን፣ የክርስትና እናቷ፣ ሁለቱ አያቶች፣ የዕድሩ ዳኛ፣ የእህቴ ባል አጎት… አሥራ አራት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ስምንቱ ይቀየማሉ እኮ።»

«አይቀየሙም፣ የራሳችን ሰዎች ናቸው።»

«ሁሉም አይቀየሙም?»

እናቴ ጣቷን ቆጠረች፣ ኮርኒሱን አየች፣ ስኒዋን አስቀመጠች።

«አንዳንዶቹ» አለች።