«ክላውድ ላይ አለ» ያልነው ፎቶ፦ የባክአፕ ሥራዬ በአራተኛ ወሩ

የቤተሰቡን ፎቶና ሰነድ ባክአፕ የማድረጉን ሥራ ስጀምር «ሁሉንም ክላውድ ላይ ጭኜ እገላገላለሁ» ብዬ ነበር። አልተገላገልኩም።

መጀመሪያ ያስቆመኝ መጠኑ ነው። የቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ሲሰበሰብ 180 ጊጋባይት ሆነ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ነው፣ እሱንም ኢሜይሉ ይጋራዋል። ከፍዬ ቦታውን ላስፋ ብል እንኳ፣ የቤታችን ኢንተርኔት ሲጭን የለካሁት ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው። ያ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ስለሆነ ለሁሉም 100 ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም ሳይቋረጥ! ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ስገለብጠው ግን ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከእናቴ ስልክ ነው። ስልኩ ሞላ ሲላት የእህቴን የመልስና የቅልቅል ፎቶዎች አጥፍታቸዋለች። «ክላውድ ላይ አለ ብለኸኝ የለ?» አለችኝ። ብያታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጉግል ፎቶስ ውስጥ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ስታጠፉ ከስልኩም ከክላውዱም ነው የሚጠፋው። ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆይና ከዚያ በኋላ አይገኝም። እኛ የነቃነው በሦስተኛው ወር ነው። ከስልኩ ላይ ብቻ ለማጥፋት Free up space የሚለውን መጫን ነበረባት።

ያተረፈን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ዲስክ ነው። ያልተሰካ ዲስክ ስልክ ላይ የተደረገውን አያውቅም። ያም ሆኖ የነበረው እስከገለበጥኩበት ቀን ድረስ ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተነሱት የቅልቅል ፎቶዎች ቀሩ።

ስለዚህ አሁን ሁለቱንም እጠቀማለሁ፣ ግን ለተለያየ ነገር። የቤት ካርታው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱና ዲፕሎማው ስካን ተደርገው 300 ሜጋባይት አልሞሉም፤ እነሱ በነፃው ክላውድ ላይ ናቸው። ቤት ሌባ ቢገባ እንኳ ከየትም ይከፈታሉ። ፎቶዎቹ ሁለት ዲስክ ላይ ናቸው፤ አንዱ እኛ ቤት፣ ሌላው እህቴ ጋ። በወር አንዴ ሁለቱንም ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ፣ ከኛ ዲስክ (D) ወደ እህቴ ዲስክ (E) እንዲገለብጥ Command Prompt ላይ ይህን እጽፋለሁ፦

```
robocopy D:\Photos E:\Photos /E
```

/MIR የሚለውን አትጨምሩበት። እሱ መነሻው ላይ የሌለውን ከመድረሻውም ያጠፋል፤ የእናቴን ስህተት በሌላ መንገድ መድገም ነው። ሲጨርስ FAILED በሚለው ስር 0 መሆኑን እዩ።

በዚህ ወር እህቴ ጋ ካለው ዲስክ ላይ እንደመጣልኝ 20 ፋይል ከፈትኩ። ሁለት ቪዲዮ እምቢ አሉ፤ ባለፈው ወር ቸኩዬ Eject ሳልል ኬብሉን ነቅዬው ነበር። ትዕዛዙን ብደግመው ዘለላቸው፤ መጠኑና ቀኑ አንድ ከሆነ እንደተገለበጠ ይቆጥረዋል። የተበላሹትን አጥፍቼ ስደግመው ተከፈቱ።