ከኮርኒስ የገቡት ሌቦችና የሱቄ የስርቆት ኢንሹራንስ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሞባይልና የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ። ባለፈው ጥምቀት ሌባ ገብቶብኝ ኢንሹራንስ ከፍሎኛል፣ እንዴት ከፈሉህ የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሚገባችሁ ነገር የስርቆት ኢንሹራንስ ስለተሰረቃችሁ ብቻ አይከፍልም። ፖሊሲው ላይ ያለው ሀሳብ ሌባው በኃይል ሰብሮ ገብቶ ወይም ሰብሮ ወጥቶ መሆን አለበት የሚል ነው፣ ያውም ምልክቱ የሚታይ። ቀን ደንበኛ መስሎ ገብቶ አንድ ስልክ ኪሱ የከተተ አይካተትም፣ ሰራተኛህ ከወሰደብህም አይካተትም (ለሱ የታማኝነት ዋስትና የሚባል ሌላ ሽፋን አለ)፣ በግርግርና በሁከት ጊዜ የሚዘረፈውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ፖሊሲ ውጪ ነው፣ እሱን ለብቻው ጠይቁ። ቀን ገብቶ ተደብቆ ማታ በር ሰብሮ የወጣ ግን ይካተታል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቁልፍ ደግሞ የባሰ ነው። እኛ መስመር ላይ አንድ ጫማ ሻጭ አለ፣ አምና ጠዋት መጥቶ ሲከፍት ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው ውስጡ ግን ባዶ። ሌላ ቁልፍ አስቀርጸው ነበር የገቡት። በሩ ላይ ጭረት እንኳን የለም፣ ኢንሹራንሱም በሰላማዊ መንገድ የተከፈተ በር ነው ብሎ አልከፈለውም። እሱን አይቼ ነው እኔ ውል ሳልፈርም ፖሊሲውን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት፣ ቁልፎቹም ሁለት ብቻ ናቸው አንዱ እኔ ጋ አንዱ ባለቤቴ ጋ።

ከመፈረሜ በፊት የኢንሹራንሱ ባለሙያ ሱቁን ሊያይ መጣ። እኔ የብረት በሩን ነው የማሳየው እሱ ግን ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። «ወንድሜ ይሄ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ይደርሳል?» አለኝ። አይደርስም! የኛ ሱቆች በሙሉ በአንድ ጣራ ስር የተደረደሩ ናቸው፣ መለያያው ብሎኬት ኮርኒሱ ላይ ያበቃል፣ ከዛ በላይ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው፣ አንዱ ሱቅ የገባ ሰው በደረቱ ተስቦ አስሩም ሱቅ ይደርሳል። የኔ ኮርኒስ ላይ ደግሞ ኤሌክትሪሺያን የሚገባበት ዝም ብሎ የሚነሳ ክዳን ነበረች። ባለሙያው ያለኝ፣ በዚች ክዳን የወረደ ሌባ ምን ሰበረ ተብሎ ክርክር ይመጣል ነው። ብየዳ ቤት ሄጄ በፌሮ ፍርግርግ አሰርቼ ከውስጥ በጓጉንቸር ዘጋኋት።

ውሉ ላይ ሶስት ግዴታ ገባ፣ ሱቁ ሲዘጋ ዘበኛ እንዲኖር፣ አላርሙ ሁሌ እንዲሰራና ማታ እንዲበራ፣ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ካዝና ውስጥ እንዲያድር። እነዚህ ምክር አይደሉም፣ በዛች ሌሊት አንዱ ከጎደለ ካሳው ሊቀር ይችላል።

አላርሙ ሲም ካርድ የሚገባበት አይነት ነው፣ ሲነካ ይጮሃል ለኔም ይደውላል። ሻጩ በር ላይ የሚለጠፈውን ሴንሰር ብቻ ነበር ሊያስገባልኝ የነበረው፣ ሌባው በበር ካልመጣ ግን እሱ ምንም አያውቅም፣ ስለዚህ እንቅስቃሴ የሚይዘውን ጨመርኩ፣ ጥግ ላይ ከፍ አድርጎ ወደ ወለሉ እንዲያይ። እኛ ጋ መብራት የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ስለማይታወቅ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፣ ሲም ካርዱ ላይም ሂሳብ መኖሩን አያለሁ፣ ሂሳብ የሌለው አላርም መደወል አይችልማ።

ካዝና ስትገዙ ክብደቱ ብቻ አያታልላችሁ፣ 60 ኪሎውን ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት ይሄዳል። የኔ ከስሩ ቀዳዳ አለው፣ ኮንክሪቱን በድሪል በስቼ ከውስጥ በኩል በቡሎን ነው ያሰርኩት። ቁልፉ ማታ ሱቅ ውስጥ አያድርም፣ ምክንያቱም ሌባው መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን ቁልፍ ተጠቅሞ ካዝናውን ከከፈተ ካዝናው አልተሰበረም ማለት ነው። የብር መሳቢያውን ደግሞ ባዶውን ክፍት አድርጌ ነው የምሄደው፣ ሌባ የተቆለፈ ካየ ባዶም ቢሆን ይሰብረዋል።

ዘበኛችንን ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መስመሩ በሙሉ አዋጥቶ ነው የሚከፍላቸው። ለኢንሹራንሱ ግን «ዘበኛ አለን» ማለት አይበቃም ማስረጃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አንድ ደብተር ገዝቼ ማታ ሲገቡና ጠዋት ሲወጡ ሰዓት ጽፈው ይፈርሙበታል። መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ «ልጄ እኔን ነው የምትጠረጥረኝ?» ብለው፣ ለሳቸውም መከላከያ እንደሆነ ስነግራቸው ተዉት።

የከተራ ሌሊት ታዲያ ከተማው በሙሉ ፋሲለደስ መዋኛ ታቦት ጋ አድሮ እያለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። ሌቦቹ ከኋላ በኩል የሌላ ሱቅ ቆርቆሮ ቀደው ገብተው ጣራ ለጣራ እኔ ጋ መጥተዋል፣ ፍርግርጉን ሲያቅታቸው ጎኑን ኮርኒሱን በእግር ደርምሰው ወርደዋል። ጋሼ ጩኸቱን ሰምተው በሩን ሲደበድቡ በገቡበት ሮጡ፣ በዛች ደቂቃ ግን መደርደሪያው ላይ ያሉትን ስልኮች አፍሰዋል። ካዝናውን አልነኩትም።

እኔ ምንም ነገር አላነሳሁም አልጠረግኩም። የተሰበረው ኮርኒስ፣ መደርደሪያው ላይ የቀረው የጫማ ዳና፣ የተቀደደው ቆርቆሮ፣ ፖሊስ እስኪመጣ እንዳለ ቆየ፣ በስልክም ፎቶ አነሳሁ። ለኢንሹራንሱ በዛው ጠዋት ደወልኩ፣ ቢሮ ሲከፈት በደብዳቤ አስገብቼ ቅጂው ላይ ማህተም አስመታሁ። ገማቹ መጥቶ የጠየቀኝ የፖሊስ ማስረጃ፣ የግዢ ደረሰኝ፣ የስቶክ መዝገብና የዘበኛውን ደብተር ነው። የከተራ ማታ ፊርማ ላይ ጣቱን አድርጎ ትንሽ አየውና ፎቶ አነሳው።

ሂሳቡ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ የሚከፈለው በገዛችሁበት ዋጋ ነው፣ ትርፍ የለውም። የጠፋብኝ በመሸጫ ከ120 ሺህ በላይ ነው፣ በግዢ ግን 96 ሺህ ብር። ሁለተኛው ሰው የሚከስርበት ነው፣ ሽፋኑ ሱቅ ውስጥ ካለው ዕቃ ካነሰ ካሳውም በዛው ልክ ይቀነሳል። የኔ ሽፋን 600 ሺህ ነበር፣ ለጥምቀት ዕቃ ስጨምር 800 ሺህ ስለገባ አስቀድሜ በደብዳቤ ሽፋኑን ወደ 800 ሺህ አሳድጌ ልዩነቱን ከፍዬ ነበር። ስለዚህ ከ96 ሺው ላይ በውሌ እኔ የምሸከመው 10 ፐርሰንት ተቀንሶ 86,400 ተከፈለኝ። በ600 ሺው ላይ ብቆይ ኖሮ መጀመሪያ ወደ 72 ሺህ ይወርዳል፣ 10 ፐርሰንቱ ሲወጣ 64,800 ይሆን ነበር፣ የጠፋው ዕቃ ያው ሆኖ።

አሁን ከጎረቤቶቼ ጋ ተዋጥተን መለያያውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው በብሎኬት እያስጨረስን ነው። አላርሙ ከዛ ወዲህ ለጥገና ወጥቶ ነበር፣ ሳይወጣ በፊት ለኢንሹራንሱ በጽሁፍ አሳውቄ እስኪመለስ ሁለተኛ ዘበኛ እንዳደርግ ተስማምተን ማረጋገጫቸውን ተቀብያለሁ፣ ወረቀቱም ከፖሊሲው ጋ ቤት ነው የተቀመጠው፣ ሱቅ አይደለም።