የፋይዳ ቁጥሩን መቆለፍ ቀላል ነው፤ ቁልፉን የት እናስቀምጠው?

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር የአባላት ሲስተም በኔ እጅ ነው። ሰርቨሩ እዚያው ኮምቦልቻ ቢሮ ነው ያለው። ባክአፑ በየሳምንቱ በሃርድ ዲስክ ይገለበጥና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ቢሮ ካዝና ውስጥ ይገባል። ዲስኩ የሚሄደው በሚኒባስ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ዲስክ ነበር። መንገድ ላይ ቢጠፋ የአባላቱ ስም፣ ስልክና 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። የፋይዳ ቁጥር ግን ከሰው ጋር የሚኖር ነው። ባክአፑን ብቻ መቆለፍ አይበቃም ወይ ለሚል፣ እሱንም ቆልፈነዋል። ግን ከዳታቤዙ ሪፖርት የሚያወጣ ሰው አለ፣ ለሙከራ የሚገለበጥ ኮፒ አለ፣ ኦዲተር ሲመጣም አካውንት ይከፈትለታል። እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ማየት አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ የፋይዳ ቁጥሩ ያለበት አምድ ራሱ መመስጠር ነበረበት።

ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። እዚያው ውስጥ የሚያመሰጥር `pgcrypto` የሚባል ተጨማሪ አለው፤ እኔ ግን አልመረጥኩትም። በሱ ስትሠራ ቁልፉ ከጥያቄው ጋር ወደ ዳታቤዙ ይላካል። ጥያቄዎችን የሚመዘግብ ሎግ ከተከፈተ ቁልፉ ሎጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሎጉ ደግሞ ከዳታው ጎን ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ምስጠራውን አፕሊኬሽኑ እንዲሠራው አደረግኩ። ዳታቤዙ ቁልፉን በጭራሽ አያየውም።

የተጠቀምኩት ኤኢኤስ-256 በጂሲኤም ስልት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ሲመሰጠር የአባሉ የውስጥ መለያ አብሮ ይታሰራል። አንድ ሰው ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ የአንዱን የተመሰጠረ ቁጥር በሌላው አባል መስመር ላይ ቢለጥፈው አይፈታም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የምታስሩት መለያ የማይቀየር መሆን አለበት። የአባልነት ቁጥር ቅርንጫፍ ሲቀየር ሊለወጥ ይችላል፤ የሠንጠረዡ ዋና መለያ ግን አይነካም።

ቀጥሎ የመጣው ፍለጋ ነው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አዲስ ሰው ስትመዘግብ ቁጥሩ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደሆነ ማወቅ አለባት። የተመሰጠረው ግን በየጊዜው የተለያየ መልክ ስላለው በሱ መፈለግ አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የቁጥሩን ሻ-256 ሃሽ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይሄ ለፋይዳ ቁጥር አይሆንም። 12 አሃዝ ማለት ቢበዛ አንድ ትሪሊዮን አማራጭ ነው። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ሃሽ የሚያወጣ የግራፊክስ ካርድ ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ 17 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መፍትሔው ሃሹ ራሱ ቁልፍ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፦

```python
hmac.new(index_key, fin.encode(), hashlib.sha256).digest()
```

ቁልፉ የሌለው ሰው መሞከር እንኳ አይችልም። የፍለጋውና የምስጠራው ቁልፎች የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ከአንድ ዋና ቁልፍ፣ ኤችኬዲኤፍ በሚባል ከአንድ ቁልፍ ሌሎችን በሚያወጣ ስልት ይወጣሉ። የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ነው።

እስኪ አሁን ወደዚያ ዋና ቁልፍ እንምጣ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከውጭ የክላውድ ቁልፍ አገልግሎት መከራየት ነበር። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን መስኮቱ ሥራ ያቆማል። ሁለተኛው ቮልት የሚባለውን ሶፍትዌር በሌላ ማሽን ላይ መጫን ነበር። ቮልት በተለመደው አሠራሩ ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ታሽጎ ይጠብቃል፤ ከአምስት የቁልፍ ቁራጭ ያዦች ሦስቱ መጥተው ይከፍቱታል። ጥበቃው ጥሩ ነው። ግን መብራት ሌሊት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ካለቀ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ተሰልፎ እኛ ቁልፍ ያዦችን ስልክ እየደወልን እንፈልጋለን። ሊቀመንበሩ ይሄን ሳስረዳቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ሌሊት ስልኬን አጠፋለሁ» አሉኝ። ውሳኔው እዚያው አለቀ።

የመረጥነው ቁልፉን ከሰርቨሩ ማዘርቦርድ ጋር ማሰር ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ቲፒኤም የሚባል ቺፕ አላቸው። በቺፑ የታሸገ ነገር ሌላ ማሽን ላይ አይከፈትም። ሲስተምዲ ይሄን ራሱ ይሠራዋል፤ ስሪቱ 250 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው 249 ስለሆነ አይሆንም፤ 24.04 ላይ ይሠራል።

```
openssl rand 32 > /dev/shm/fin-root
systemd-creds encrypt --with-key=host+tpm2 --name=fin-root \
  /dev/shm/fin-root /etc/credstore.encrypted/fin-root
```

`/dev/shm` ሚሞሪ ላይ ስለሆነ፣ ስዋፕ እስከተዘጋ ድረስ ጥሬው ቁልፍ ዲስክ ላይ አያርፍም። ወረቀት ላይ ካተምነው በኋላ አጠፋነው። በሰርቪሱ ፋይል ውስጥ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመራል፦

```
LoadCredentialEncrypted=fin-root:/etc/credstore.encrypted/fin-root
```

መብራት ሲመጣ ሰርቪሱ ማንንም ሳይጠራ ይነሳል። ባክአፑ ወይም የሰርቨሩ ዲስክ ብቻውን ቢሰረቅ ግን አይከፈትም።

ይሄ የማይሸፍነው ነገር አለ። ሌባው ሰርቨሩን እንዳለ ተሸክሞ ቢሄድ ማሽኑ በርቶ ራሱ ቁልፉን ይከፍታል። ለሱ ያለን መከላከያ የብረት በር ነው። አፕሊኬሽኑ ውስጥ የገባ ሰርጎ ገብም ቢያንስ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ የምታየውን ያያል። ሠራተኛዋ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ብቻ እንድታይ ያደረግነው፣ ሙሉውን የሚያይም በስሙ እንዲመዘገብ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የፈራሁት ማዘርቦርዱ ቢቃጠል የሚሆነውን ነው። ቺፑ ከሄደ ቁልፉም ሄደ፤ ባክአፑ ቢኖርም ቁጥሮቹ አይፈቱም። የወረቀቱ ጉዳይ ለዚህ ነው። 32 ባይት በሄክስ ሲጻፍ 64 ፊደል ይሆናል። ለሁለት ከፍለን በሁለት ፖስታ አሸግነው። ግማሹን ያገኘ ሰው ገና 128 ቢት መገመት አለበት፤ ያ አይቻልም። አንደኛው ግማሽ ኮምቦልቻ ሒሳብ ሹሟ ካዝና ውስጥ ነው፤ ሌላው ሊቀመንበሩ ቤት። ደሴ ቢሮ ያለው ካዝና ውስጥ ምንም የቁልፍ ወረቀት የለም፤ ባክአፑ እዚያ ስለሆነ።

ሙሉ ሙከራውን ደሴ ላይ አደረግነው። ባዶ ላፕቶፕ፣ የባክአፕ ዲስኩና ሁለቱ ፖስታዎች ብቻ። ሒሳብ ሹሟ በየአራት ፊደሉ እየቆረጠች ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ወረቀቱ በእጅ ያልተጻፈው `b` እና `6` እንዳይምታቱ ነው። ከታች የቁልፉ ሃሽ የመጀመሪያ 8 ፊደላት ታትመዋል። ጽፈን ስንጨርስ ከሱ ጋር አመሳከርን፤ ገጠመ። ሁሉም መስመር ተፈታ። ባይፈታ ኖሮ ምክንያቱን መለየት ይቻላል። ሁሉም መስመር እንቢ ካለ ቁልፉ ተሳስቷል። አንድ ሁለቱ ብቻ እንቢ ካሉ እነዚያ መስመሮች ተበላሽተዋል ወይም ተነካክተዋል።

ከዚያ በኋላ ነው የድሮውን ግልጽ አምድ ያጠፋሁት። ፖስትግሬስ ላይ አምድ መሰረዝ ዳታውን ከዲስክ ላይ አያነሳውም፤ ሠንጠረዡ በ`VACUUM FULL` እንደገና መጻፍ አለበት። ከዚያ በፊት የተወሰዱት ባክአፖችም ቁጥሮቹን በግልጽ ይዘዋል። ደሴ ካዝና ውስጥ የነበሩትን የድሮ ዲስኮች ቆጥረን አውጥተን፣ አዲሱ ባክአፕ መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሙሉ በሙሉ ደመሰስናቸው።