ከአየሩ በታች የቀዘቀዘው ገጽ

ለማስላት የተነሣሁት ቀላል ነገር ነበር። 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአክሪሊክ ፕላስቲክ ሰሌዳ ሙሉ በሙሉ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቋል፤ ከዚያ በሁለቱም ፊቱ 20 ዲግሪ የሆነ አየር በማራገቢያ ይነፋበታል። መሃሉ 40 ዲግሪ እስኪደርስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ሁለቱ ፊቶች እኩል ስለሚቀዘቅዙ ግማሹን፣ ማለትም 20 ሚሊሜትሩን ብቻ ወሰድኩ። ከገጹ እስከ መሃሉ በየ5 ሚሊሜትሩ አምስት ነጥቦችን አስቀመጥኩና የእያንዳንዱን የነገ ሙቀት ከዛሬዎቹ ጎረቤቶቹ በቀጥታ የሚያሰላውን ኤክስፕሊሲት ዘዴ መረጥኩ። የሚፈታ የእኩልታ ክምር የለበትም፤ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

የጊዜው እርምጃ ገደብ እንዳለው አውቅ ነበር። ፎሪየር ቁጥር የሚባለው፣ ማለትም `Fo = alpha*dt/dx**2`፣ ከግማሽ መብለጥ የለበትም። `dt` የጊዜው እርምጃ፣ `dx` በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት፣ `alpha` ደግሞ የሙቀት አስተላላፊነቱ ለእፍጋቱና ለሙቀት አቅሙ ብዜት ሲካፈል ነው። ለአክሪሊኩ የሙቀት አስተላላፊነቱን 0.2 ዋት በሜትር በኬልቪን፣ እፍጋቱን 1190 ኪሎግራም በሜትር ኩብ፣ የሙቀት አቅሙን 1470 ጁል በኪሎግራም በኬልቪን አድርጌ ሳሰላው ገደቡ 109 ሰከንድ ሆነ። እኔም ጠንቃቃ ነኝ ብዬ 100 ሰከንድ ወሰድኩ። ፎሪየር ቁጥሩ 0.46 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በታች ስለሆነ የሚያሰጋኝ ነገር አልታየኝም።

የገጹ ሙቀት በየ100 ሰከንዱ እንዲህ ሆኖ ወጣ፦ 25፣ 71፣ 10፣ 77፣ ከዜሮ በታች 7። 20 ዲግሪ አየር የሚነፋበት ሰሌዳ በአምስተኛው እርምጃ በረዶ ሊሆን ደረሰ። በሁለተኛው እርምጃ ደግሞ ገጹ 71 ሲሆን ከሥሩ ያለው ነጥብ 55 ነበር፤ እየቀዘቀዘ ያለ ሰሌዳ ላዩ ከውስጡ ሊሞቅ አይችልም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የምልክት ስህተት ነበር። የቅነሳና የመደመር ምልክቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ትክክል ናቸው። ከዚያ የሚያኮራ የመሰለኝን ፈተና አደረግሁ፦ ሰሌዳው ያጣው ሙቀት በገጹ በኩል ከወጣው ሙቀት ጋር እኩል መሆኑን ቆጠርኩ። እስከ መጨረሻው አሃዝ ተስተካከለ! ያ ፈተና ግማሽ ቀን አስፈጀኝ፤ ሒሳቡ ከተስተካከለ ቀመሩ ልክ ነው ብዬ ስህተቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ዋልኩ። በኋላ ሳስበው የሚያስገርም አልነበረም። በዚህ ዘዴ አንዱ ነጥብ የሚሰጠውን ያንኑ መጠን ጎረቤቱ ይቀበላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ እየፈነዱም ድምሩ ይዛመዳል፤ የሙቀት ድምር መጠበቁ ለመረጋጋት ምስክር አይሆንም።

መልሱ የተገኘው የገጹን ነጥብ ብቻ ነጥዬ በወረቀት ላይ ስሠራው ነው። የጻፍኩት መስመር ይህ ነበር፤ `T` የአሁኑ ሙቀት፣ `Tn` ቀጣዩ፣ `Ta` የአየሩ፣ `k` ደግሞ የሙቀት አስተላላፊነቱ ነው፦

```python
Bi = h*dx/k
Tn[0] = T[0] + 2*Fo*(T[1]-T[0]) + 2*Fo*Bi*(Ta-T[0])
```

ከአየሩ ጋር ያለው የሙቀት ልውውጥ መጠን `h` 40 ዋት በሜትር ካሬ በኬልቪን ነው፤ በዚህም ባዮት ቁጥሩ `Bi` ልክ 1 ይሆናል። አሁን `T[0]` የሚባዛበትን ብንሰበስብ `1 - 2*Fo*(1+Bi)` እናገኛለን። በእኔ ቁጥሮች ይህ 0.83 ገደማ ነው፤ ግን ከዜሮ በታች። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ገጹ አሁን በሞቀ ቁጥር ቀጥሎ የበለጠ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። የውስጥ ነጥቦቹ ማባዣ `1 - 2*Fo` ግን 0.09 ነበር፤ አዎንታዊ። እኔ የጠበቅኩት የእነርሱን ገደብ ብቻ ነበር።

በቁጥር ሳይሆን በዓይን ለማየት ስሞክር ይበልጥ ገባኝ። የገጹ ነጥብ የሚወክለው የግማሽ እርምጃ ውፍረት፣ 2.5 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ አንድ ዲግሪ ለመቀዝቀዝ 4370 ጁል ገደማ ማውጣት ይበቃዋል። በመጀመሪያው ቅጽበት ግን በ60 ዲግሪ ልዩነት 2400 ዋት በሜትር ካሬ ይወጣበታል። ኤክስፕሊሲት ዘዴ ይህን ፍጥነት ሳይቀይር ለ100 ሰከንድ ይቀጥላል፤ 240 ሺህ ጁል ይሆናል። ውጤቱም የ55 ዲግሪ ቅናሽ ነው፤ ከ80 ወደ 25። በእውነተኛው ሰሌዳ ግን ገጹ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል፤ ከውስጥም ሌላ ሙቀት ይመጣለታል። ዘዴው ይህን የሚያውቀው ከ100 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ማካካሻ ያደርጋል።

ስለዚህ በገጹ ላይ መከበር ያለበት `Fo*(1+Bi) <= 1/2` ነው። በእኔ ሰሌዳ ይህ እርምጃውን ወደ 55 ሰከንድ ያወርደዋል፤ ከውስጡ ገደብ ግማሽ። 50 ሰከንድ ስሰጠው የገጹ የመጀመሪያ ቁጥሮች 53 እና 50 ሆኑ፤ ከዚያም ያለ መዝለል ወረዱ። መሃሉ 40 ዲግሪ የደረሰበት ጊዜ በተከታታይ ድምር ከሚገኘው ትክክለኛ መፍትሔ የመጀመሪያ አባል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ልዩነት ገጠመ፤ 48 ደቂቃ ገደማ።

ከሁሉ ያስተማረኝ ግን 80 ሰከንድ ነበር። ከ55 ይበልጣል፤ ሆኖም ምንም አልፈነዳም። የገጹ ሙቀት 36፣ 56፣ 35፣ 47 እያለ ተወዛወዘና እየሰከነ ሄደ። ምክንያቱ ማባዣው አሉታዊ መሆኑና ስህተቱ በየእርምጃው ማደጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በባዮት ቁጥር 1 ስህተቱ ማደግ የሚጀምረው `Fo` ከ0.41 ገደማ ሲያልፍ፣ ማለትም ከ90 ሰከንድ በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጣና ለእኔ ከፍንዳታው የከፋ ነው። የፈነዳ ስሌት ራሱን ያሳብቃል፤ ይህኛው ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጤናማ መስሎ ይቀርባል። በየአሥረኛው እርምጃ ብቻ ውጤት የሚያስቀምጥ ሰው የመጀመሪያዎቹን መወዛወዞች ጨርሶ አያያቸውም። እኔ አሁን የመጀመሪያዎቹን አምስት የገጽ ቁጥሮች ሳላይ ሥዕል አልስልም።

ነጥቦቹን ማጥበብ ያድናል ወይ ብዬም ሞከርኩ። በ2.5 ሚሊሜትር ባዮት ቁጥሩ ወደ ግማሽ ስለሚወርድ የገጹና የውስጡ ገደብ ይቀራረባሉ፤ 18 እና 27 ሰከንድ። ዋጋው ግን አለ፦ እርምጃውን የሚወስነው የገጹ ገደብ ከ55 ወደ 18 ሰከንድ፣ ማለትም በሦስት እጥፍ ይጠባል፤ ነጥቦቹም እጥፍ ገደማ ስለሚሆኑ ሥራው ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተሩ አይሰማውም። በጣም ስስ ንብርብር ሲኖር ግን ያ አንድ ንብርብር የመላውን ስሌት እርምጃ ይወስናል፤ ያኔ የሁሉንም ነጥቦች ቀጣይ ሙቀት በአንድነት በእኩልታ ወደሚፈታው ኢምፕሊሲት ዘዴ መሄድ ይሻላል።

አሁን `dt`ን በእጄ አልጽፍም። ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል፦

```python
dt = 0.9*dx**2/(2*alpha*(1+Bi))
```

0.9 ለጥንቃቄ የተጨመረ ነው። `h` በጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ እዚህ የሚገባው ትልቁ ነው፤ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ ያለው እንጂ አማካዩ አይደለም።